የቅጥር ኤጀንሲ ሲመርጡ፦ ሦስት የክፍያ ዓይነቶችና በውሉ ውስጥ መታየት ያለባቸው አንቀጾች

አንድ ድርጅት የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ መልቀቂያ አስገብቶበት ምትክ ለማግኘት ወደ ቅጥር ኤጀንሲ ሲሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ታስከፍላላችሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ለብቻው ብዙ አይነግርም። ሁለት ኤጀንሲዎች ተቀራራቢ ዋጋ ጠርተው አንደኛው ስልክ እየደወለ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን የሚያነጋግር፣ ሌላኛው ደግሞ በቴሌግራም ማስታወቂያ ለጥፎ የደረሰውን ሲቪ ሳያነብ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከተመለከትኩት ተነስቼ ስናገር፣ ልዩነቱን የሚወስነው ክፍያው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚከፈል፣ ኤጀንሲው ሥራውን ብቻውን መያዝ አለመያዙ፣ እንዲሁም የተቀጠረው ሰው ቶሎ ቢለቅ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

እዚህ የማነጻጽረው አንድን ባለሙያ ፈልገው ለድርጅቱ ቋሚ ቅጥር የሚያቀርቡ ኤጀንሲዎችን ብቻ ነው። ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞችን የሚያሰማሩ ኤጀንሲዎች የተለየ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ ሠራተኛው የኤጀንሲው ተቀጣሪ ሆኖ ይቀጥላል፣ ክፍያውም በየወሩ ነው፣ ውሉም ሌላ ነው።

ወደ ዋጋ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በአገር ውስጥ ለሚሰጠው አገልግሎት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ አይቀበልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም በመርህ ደረጃ የሚለው ይህንኑ ነው። ሰዎች ኤጀንሲንና ደላላን በአንድ ስም ሲጠሩ ቢሰማም፣ ደላላ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ሲቀበል የኖረ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሠሪው ለምርጫ ያቀረበው ኤጀንሲ ከዕጩዎች «የመመዝገቢያ» ወይም «ከመጀመሪያ ደመወዝ የሚቆረጥ» ገንዘብ እንደሚቀበል ከሰማ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አወቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኤጀንሲ የሚያቀርበው የተሻለውን ሰው ሳይሆን የከፈለውን ሰው ነው። ፈቃዱን አይቶ፣ ከዚህ ቀደም በኤጀንሲው በኩል የተቀጠሩ ሁለት ሰዎችን «ምን ያህል ከፈላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ለማጣራት በቂ ነው።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ሰው ሲቀጠር ብቻ የሚከፈልበት ነው። ኤጀንሲው ዕጩ ያቀርባል፣ ድርጅቱ ከቀጠረ ይከፍላል፣ ካልቀጠረ ምንም አይከፍልም፤ ድርጅቱም ያንኑ ሥራ ለፈለገው ያህል ኤጀንሲ መስጠት ይችላል። ሁለተኛው ክፍያው እንደ መጀመሪያው በቅጥር ላይ የተመሠረተ ሆኖ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሥራው ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ የሚሰጥበት ብቸኛ ውክልና ነው። ሦስተኛው ደግሞ በቅድሚያ የሚከፈልበት ፍለጋ ሲሆን፣ ክፍያው ተከፋፍሎ ውል ሲፈረም፣ የተመረጡ ዕጩዎች ዝርዝር ሲቀርብና የተመረጠው ሰው ሥራ ሲጀምር ይፈጸማል። በዚህኛው ኤጀንሲው የሚከፈለው ለውጤቱ ብቻ ሳይሆን ለፍለጋው ጭምር ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ የማስመጣትና የማከፋፈል ሥራ ላይ ያለ የአዲስ አበባ ኩባንያ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ በወር 60,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝና 8,000 ብር የትራንስፖርት አበል መድቧል እንበል። ሦስት ኤጀንሲዎችም ዋጋ አቅርበውለታል። አንደኛው «የዓመታዊ ክፍያው 11 በመቶ፣ ሲቀጠር ብቻ» ይላል። ሁለተኛው «የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ፣ ለስድስት ሳምንት ብቸኛ ውክልና» ይላል። ሦስተኛው «የዓመታዊ ክፍያው 18 በመቶ፣ በሦስት ዙር» ይላል።

ሰው በችኮላ ሲያየው 11 በመቶ ከወር ተኩል ደመወዝ የሚያንስ ይመስለዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ኤጀንሲ ውል ላይ «ዓመታዊ ክፍያ» የሚለው ቃል አበልንም እንደሚጨምር በትርጉም አንቀጹ ተጽፏል፤ ስለዚህ 68,000 በ12 ወር 816,000 ብር ይሆናል፣ 11 በመቶውም 89,760 ብር ነው። ሁለተኛው የሚያሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ በመሆኑ 60,000 በአንድ ተኩል ተባዝቶ 90,000 ብር ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 240 ብር ብቻ ነው። ሦስተኛውም አበልን ጨምሮ ስለሚያሰላ 146,880 ብር ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር 48,960 ብር ይከፈላል። በሁሉም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ይህ ለታክሱ ለተመዘገበ ነጋዴ በግብዓት ታክስነት የሚቀናነስ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅም፣ ማቀናነስ ለማይችል ድርጅት ግን እውነተኛ ወጪ ነው። እንግዲህ የዋጋ ማቅረቢያዎችን ለማነጻጸር አስቀድሞ ሁሉንም ወደ አንድ መሠረት መመለስ ያስፈልጋል። የአንድ ወር ደመወዝ ማለት የዓመቱ 8.33 በመቶ ነው፣ ወር ተኩል ደግሞ 12.5 በመቶ ነው። ከዚያም መቶኛው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው ወይስ አበልና ቦነስንም ይጨምራል የሚለውን ከውሉ ላይ ማንበብ ነው።

አንዳንድ አሠሪዎች ክፍያው በመቶኛ ስለሆነ ኤጀንሲው ደመወዙን ሆን ብሎ ያንራል ብለው ይሠጋሉ። ስጋቱ ከንቱ ባይሆንም የተጋነነ ይመስለኛል። ዕጩው በወር 5,000 ብር ጭማሪ ቢያገኝ በ11 በመቶ ስሌት ለኤጀንሲው የሚደርሰው 6,600 ብር ነው፤ ይህን ለማግኘት ሲል ወደ ዘጠና ሺህ ብር የሚጠጋውን ክፍያ አደጋ ላይ አይጥልም። ይልቅ የሚያሳስበው የተገላቢጦሹ ነው። ሲቀጠር ብቻ የሚከፈለው ኤጀንሲ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ቶሎ እንዲፈረም ስለሆነ፣ ስለ ዕጩው የሚያውቀውን ጥርጣሬ ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል።

የዋስትና ጊዜና የሙከራ ጊዜ

ሁሉም ኤጀንሲ ማለት ይቻላል «ሰውየው ቶሎ ቢለቅ ምትክ እናቀርባለን» የሚል የዋስትና አንቀጽ አለው። አንቀጹ ሲነበብ የሚያረካ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ቀኑ ሲቆጠር ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል።

በምሳሌያችን የመጀመሪያው ኤጀንሲ የ60 ቀን ዋስትና ይሰጣል። አዋጁ የፈቀደው ከፍተኛ የሙከራ ጊዜም 60 ስለሆነ ሁለቱ የተገጣጠሙ ይመስላል። ነገር ግን አዋጁ የሚቆጥረው የሥራ ቀናትን ሲሆን ኤጀንሲው የሚቆጥረው እሑድንና በዓልን ሳይለይ ሁሉንም ቀናት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት፣ ማለትም 70 ቀን ይፈጃል፤ በሳምንት አምስት ቀን በሚሠራ ደግሞ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ማለትም 84 ቀን ነው፤ በመሀል የሕዝብ በዓል ከገባም ይረዝማል። ስለዚህ ድርጅቱ ሰውየውን በሙከራ ጊዜው ማብቂያ ላይ ገምግሞ «አልሆነም» ሲል፣ የኤጀንሲው ዋስትና ካበቃ ከ10 እስከ 24 ቀን አልፎታል።

ከዚህ የባሰው ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ነው። ዋስትናው «የቅጥር ስምምነቱ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ» ከተባለ፣ ዕጩው ለቀድሞ አሠሪው የሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከዋስትናው ላይ ይቀነሳል። የፋይናንስ ሰው ከሆነ ደግሞ ሒሳብ አስረክቦ ክሊራንስ እስኪያገኝ ወሩ ማለፉ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ውል የ60 ቀኑ ዋስትና ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በግማሽ ያልቃል። መጻፍ ያለበት «ሥራ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ» ነው፣ ርዝመቱም ቢያንስ 90 ቀን።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ መታከል አለበት። አዋጅ 1156/2011 በሥራ መሪዎች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ በሥልጣኑ ስፋት የሥራ መሪ ከሆነ፣ የሙከራ ጊዜውና የማስጠንቀቂያው ርዝመት በአዋጁ ሳይሆን በቅጥር ውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚወሰን ነው። በመሆኑም ኤጀንሲው «ዋስትናው እስከ ሕጋዊ የሙከራ ጊዜ ነው» ብሎ ቢጽፍ ለእንዲህ ያለው የሥራ መደብ ትርጉሙ አሻሚ ይሆናል፤ በቀን ቁጥር መጻፉ ይሻላል።

ዋስትናው ምትክ ነው ወይስ ገንዘብ መመለስ የሚለውም የሚያከራክር ነው። ኤጀንሲዎች ምትክን ይመርጣሉ፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የሠሩት ሥራ አለ። ይሁን እንጂ ምትኩ በስንት ጊዜ እንደሚቀርብ ካልተጻፈ ዋስትናው ተስፋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሚዛናዊ ሆኖ ያገኘሁት አጻጻፍ ምትክ በ30 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ከክፍያው ግማሹ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው። በአንጻሩ ኤጀንሲው «ድርጅቱ የሥራ መደቡን ወይም ደመወዙን ከለወጠ፣ ወይም ክፍያውን በወቅቱ ካልፈጸመ ዋስትናው ይቀራል» ቢል ሊነቀፍ አይገባም።

ብቸኛ ውክልና መስጠት ወይስ ለብዙዎች መበተን

«ለአምስት ኤጀንሲ ብሰጠው አምስት እጥፍ ሰው አገኛለሁ» የሚለው አስተሳሰብ በጣም የተለመደ ነው። ከኤጀንሲው ወገን ሆኖ ማየት ግን ይበጃል። ለአምስት የተሰጠ ሥራ የያዘ ኤጀንሲ በደከመበት ልክ የመከፈል ዕድሉ ትንሽ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ጊዜውን ለሌላ ደንበኛ ሰጥቶ ለዚህኛው በእጁ ያሉትን ሲቪዎች ፈጥኖ ይልካል። አምስቱም የሚልኩት ከአንድ ገበያ፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ዓይነት ማስታወቂያ የተሰበሰበ ስለሆነ፣ ድርጅቱ የሚያገኘው አምስት እጥፍ ሰው ሳይሆን አንድን ሰው አምስት ጊዜ ነው።

ይህ በእኔው ላይ ደርሷል። ለአንድ የኦዲት መደብ ለሦስት ኤጀንሲዎች አሳውቀን ነበር። ሰኞ ጠዋት አንዱ የአንዲት ዕጩን ሲቪ በኢሜይል ላከ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላው ያንኑ ሲቪ በራሱ አርማ አሳምሮ ላከ። ዕጩዋን ቀጠርናት፣ በወሩም ሁለት ደረሰኞች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው «ቀድሜ ልኬያለሁ» አለ፤ ሁለተኛው ደግሞ «ፈቃዷን ያገኘሁትና ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ» አለ። ዕጩዋን ስንጠይቃት የመጀመሪያው ኤጀንሲ ሲቪዋን ሲልክ ጨርሶ አልነገራትም ነበር። ክርክሩ በስምምነት እስኪያልቅ ሁለት ወር ፈጀ፣ ዕጩዋም ሥራ በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማትፈልገው ጣጣ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ውል ውስጥ የማስገባው አንቀጽ አለ፦ አንድ ዕጩ የኤጀንሲው ነው የሚባለው ለዚያ መደብ እንዲላክ በጽሑፍ የሰጠው ፈቃድ ቀኑ ተጠቅሶ ከሲቪው ጋር ሲቀርብ ብቻ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ሲቪን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማዟዟር በሕግም የሚያስጠይቅ ነገር ሆኗል።

ብቸኛ ውክልናም የራሱ ወጥመድ አለው። «ብቸኛ» የሚለው ቃል ሌላ ኤጀንሲ አለመጠቀምን ብቻ ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም ድርጅቱ በራሱ መንገድ፣ በሠራተኛ ጥቆማ ወይም በራሱ ማስታወቂያ የቀጠረውን ሰው ጭምር ሊያስከፍል ይችላል። ሁለተኛውን ትርጉም የሚቀበል አሠሪ ቢያንስ ከውሉ በፊት የሚያውቃቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ከውሉ ጋር አያይዞ ከክፍያ ነጻ ማድረግ አለበት። ከድርጅቱ ውስጥ በዕድገት የሚመደብ ሠራተኛም እንደዚሁ።

ርዝመቱን በተመለከተ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ዓይነት መደብ ስድስት ሳምንት በቂ ነው፤ ሦስትና ስድስት ወር የሚጠይቅ ኤጀንሲ ሥራው እንዳይነጠቅበት እንጂ ቶሎ እንዲያልቅ የሚፈልግ አይመስልም። በውክልናው ውስጥም መፍቻ ቀን ማስገባት ይገባል፤ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቢያንስ አራት ለቃለ መጠይቅ የሚበቁ ዕጩዎች ካልቀረቡ ብቸኝነቱ ይቀራል፣ ውሉ ግን እንደ ተራ ውል ይቀጥላል።

ከእያንዳንዱ ወገን ምን ይጠበቃል

ኤጀንሲው እየሠራ መሆኑን ለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ «የትኞቹን ድርጅቶች አያችሁ፣ ስንት ሰው አነጋገራችሁ፣ እምቢ ያሉት ለምን እምቢ አሉ?» ፍለጋ ያካሄደ ኤጀንሲ ስም ባይጠራም «ከአስመጪዎች ስድስት ሰው አነጋግረናል፣ ሁለቱ ደመወዙ አነሰን ብለዋል፣ አንዱ የሥራ ቦታው ራቀኝ ብሏል» ብሎ ይመልሳል። ማስታወቂያ ብቻ ያወጣው ግን «ብዙ አመልካች አለ፣ እያጣራን ነው» ይላል። ማስታወቂያ ማውጣት ብቻ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ በኢትዮጆብስ ወይም በጋዜጣ በጥቂት ወጪ ሊያወጣው ይችላል።

ከሲቪው ጋር ሊመጣ የሚገባው አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። በውስጡም ዕጩው አሁን የሚያገኘው ክፍያ፣ ለመልቀቅ ያነሳሳው ምክንያት፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውና የአሁኑ አሠሪው ደመወዝ ጨምሮ «ቅር» ቢለው ምን እንደሚያደርግ መጻፍ አለበት። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ፊርማ ሲቀር ሰውየው «አለቃዬ ጨምሮልኛል» ብሎ ይቀራል። የደመወዙ ነገርም ግልጽ መሆን አለበት፤ እኛ አገር ዕጩ ስለ ደመወዝ ሲናገር ብዙ ጊዜ በእጁ የሚደርሰውን የተጣራ ገንዘብ ማለቱ ነው፣ አሠሪ ደግሞ ያልተጣራውን ነው የሚያስበው። የሥራ ግብር እስከ 35 በመቶ፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ በመሆኑ ልዩነቱ ስምምነትን የሚያፈርስ ነው። ይህን በመጀመሪያው ውይይት ያላጣራ ኤጀንሲ ሥራውን አልሠራም።

አሠሪውም ግዴታ አለበት፣ ኤጀንሲዎች ሲያማርሩም ብዙውን ጊዜ እውነት አላቸው። የደመወዙን ጣሪያ ደብቆ «ጥሩ ሰው አምጡና እንነጋገራለን» የሚል አሠሪ የራሱን ጊዜ ያባክናል። ሲቪ በደረሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ቃለ መጠይቁን በሳምንት ውስጥ ማድረግ፣ ላልተመረጠውም አጭር ምክንያት መላክ ያለበት ለትሕትና ብቻ አይደለም። ኤጀንሲው ፍለጋውን የሚያስተካክለው በዚያ ምክንያት ነው። የቀድሞ አሠሪዎችን መጠየቅ፣ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥና ለገንዘብ ነክ ሥራ የሚጠየቀውን ዋስ መቀበል የማን ሥራ እንደሆነም ከወዲሁ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ወገን ሌላው ያደረገው እየመሰለው ሳይደረግ ይቀራል።

ለየትኛው መደብ የትኛው ይሻላል

ለአምስት የሽያጭ ሠራተኞች ወይም ለጀማሪ ሒሳብ ባለሙያ ሲቀጠር ብቻ የሚከፈልበት ውል ተመራጭ ነው፤ ሰው በገበያው አለ፣ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፣ ለሁለት ኤጀንሲ መስጠትም ይቻላል። በቅድሚያ የሚከፈልበት ፍለጋ የሚገባው በሁለት አጋጣሚ ነው፦ ፍለጋው በምስጢር መካሄድ ሲኖርበት፣ ለምሳሌ በቦታው ያለው ሰው ገና ሳይነገረው፣ ወይም ባለሙያዎቹ በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ። ይህን የሚመርጥ አሠሪ ሁለተኛው ዙር ክፍያ ዝርዝር በመቅረቡ ብቻ ሳይሆን ከዝርዝሩ ቢያንስ ሦስቱን ለቃለ መጠይቅ በመቀበሉ እንዲፈጸም ያድርግ፤ አለበለዚያ ለወረቀት ከፍሏል ማለት ነው። ኤጀንሲው ያቀረበለትን ሰው ወደፊት ለሌላ ደንበኛ እንዳያባብል የሚከለክል አንቀጽም፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ በሦስቱም ዓይነት ውል ውስጥ መኖር ይገባዋል።

በምሳሌያችን ያለው ኩባንያ ግን የሚበጀው ሁለተኛው ነው፤ የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ማስታወቂያ የሚያነብ ጥቂት ነው፣ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ የሚያነጋግረው ያስፈልጋል፣ ነገር ግን ምስጢርም ብርቅዬነትም የለም። የሚፈርመው ደግሞ የቀረበለትን ውል እንዳለ ሳይሆን አራት ነገር አስተካክሎ ነው፦ ዋስትናው ሥራ ከጀመረበት ቀን የሚቆጠር 90 ቀን እንዲሆን፣ ብቸኝነቱ በሦስተኛው ሳምንት እንዲፈተሽ፣ ራሱ የሚያውቃቸው ሦስት ሰዎች በስም ተለይተው ከክፍያ ነጻ እንዲሆኑ፣ ቀርቦ ያልተቀጠረ ዕጩ በሌላ ጊዜ ቢቀጠር የሚያስከፍለው ጊዜ ከ12 ወር ወደ ስድስት እንዲያጥርና ቃለ መጠይቅ የተደረገለትን ሰው ብቻ እንዲመለከት። ኤጀንሲው ለሦስቱ ተስማምቶ በመጨረሻው ላይ ቢያንገራግር ዘጠኝ ወር ላይ መገናኘት ያዋጣል፤ በመጀመሪያው ላይ ቢያንገራግር ግን 90,000 ብሩን ይዞ ወደ ሌላ ኤጀንሲ መሄድ ነው።